የቅርንጫፍ ትርፍ ከመዝገቡ በቀጥታ እንዲወጣ፦ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ድርጅት የሒሳብ መደቦቹን እንዴት ያዋቅራል?

ወሩ ተዘግቷል፤ ድርጅቱ በጠቅላላ ማትረፉም ታውቋል። ሥራ አስኪያጁ «ሁለተኛው ቅርንጫፍ ለብቻው ሲታይ አትርፏል ወይስ ከስሯል?» ብሎ ሲጠይቅ ግን መልሱ ከሒሳብ ሶፍትዌሩ አይወጣም። የሒሳብ ክፍሉ ቫውቸር እያገላበጠ፣ የትኛው ኪራይ የየትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ እየለየ፣ በኤክሴል ሌላ ሠንጠረዥ ይሠራል። ከብዙ ድካም በኋላ የሚቀርበው ቁጥር ደግሞ የሁሉም ቅርንጫፎች ውጤት ሲደመር ከድርጅቱ ጠቅላላ ትርፍ ጋር አይገጥምም። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት መናገር የሚችል ሰው አይኖርም።

ይህ ሲሆን ጣት የሚቀሰረው ብዙ ጊዜ በሠራተኛው ወይም በሶፍትዌሩ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ የተፈጠረው ገና ከመነሻው፣ የሒሳብ መደቦቹ ዝርዝር በተዘጋጀበት ቀን ነው። መዝገቡ ሲመዘገብ ያልተጠየቀውን ጥያቄ ሪፖርት ሲወጣ ሊመልስ አይችልም።

የሒሳብ መደቦች ዝርዝር ምንድን ነው?

ባለሙያዎች «ቻርት ኦፍ አካውንትስ» የሚሉት ይህ ዝርዝር፣ ድርጅቱ ገንዘብ ነክ ክንውኖቹን የሚመዘግብባቸው መደቦች ሁሉ ከነመለያ ቁጥራቸው የሰፈሩበት ነው። እያንዳንዱ ሽያጭ፣ እያንዳንዱ ደመወዝ፣ እያንዳንዱ የባንክ ገቢ ከእነዚህ መደቦች በአንዱ ውስጥ ይወድቃል። በተለመደው አሠራር የቁጥሩ የመጀመሪያ አኃዝ የመደቡን ዓይነት ያሳያል፦ በ1 የሚጀምሩት ሀብት፣ በ2 ዕዳ፣ በ3 ካፒታል፣ በ4 ገቢ፣ በ5 የተሸጡ ዕቃዎች ዋጋ፣ በ6 የሥራ ማስኬጃ ወጪ ናቸው። የመደቦች ክፍፍል በሕግ የተደነገገባቸው አገሮች አሉ፤ በሌሎች ደግሞ ድርጅቱ በራሱ የሚወስነው ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል የተሰጡ ናቸው።

አንድ ቤት ብቻ ላለው ድርጅት ይህ ይበቃል። «ለኪራይ ስንት ወጣ?» ብሎ ሲጠይቅ 6210 የሚለውን መደብ ይከፍታል፤ መልሱም እዚያው አለ። ቅርንጫፍ ሲከፈት ግን ጥያቄው ሁለት ይሆናል፦ ለምን ወጣ? የትስ ወጣ? የንድፉ ነገር ሁሉ የሚያርፈው ሁለተኛው ጥያቄ በምን ቦታ ይመለስ በሚለው ላይ ነው።

ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱን መደብ ብንከፍትለትስ?

አብዛኞቹ ድርጅቶች የሚጀምሩት እንዲህ ነው፤ ለጊዜውም ቀላል መስሎ ይታያል። ሁለተኛው ቅርንጫፍ ሲከፈት «ኪራይ» ከሚለው 6210 ቀጥሎ 6211 ተከፍቶ «ኪራይ፣ ቅርንጫፍ ሁለት» ተብሎ ይሰየማል። ሦስተኛው 6212 ይሆናል። ብዙም ሳይቆይ ቀጣዩ ቁጥር 6213 ለመብራትና ውኃ አስቀድሞ ተይዞ ይገኝና የአራተኛው ቅርንጫፍ ኪራይ 6287 ላይ ይገባል። ከዚያ በኋላ የኪራይ መደቦች በዝርዝሩ ውስጥ ተበታትነው ይቀራሉ።

ቁጥሩን እንይ። የገቢና የወጪ መደቦቹ 70 የሆኑ ድርጅት 10 ቅርንጫፍ ቢኖረው በዚህ መንገድ 700 መደብ ይኖረዋል። አሥራ አንደኛው ቅርንጫፍ ሲከፈት 70 አዳዲስ መደቦች መከፈት አለባቸው፤ እነዚያ 70 መደቦች ደግሞ በእያንዳንዱ የሪፖርት ቅጽ ላይ በእጅ መጨመር አለባቸው። አንዱ ቢረሳ የዚያ መደብ ገንዘብ ከሪፖርቱ ይጠፋል። ቅርንጫፎቹ ውጤታቸው ሲደመር ከጠቅላላው ጋር የማይገጥምበት ዋነኛ ምክንያት ይህ ዓይነቱ የተረሳ መደብ ነው።

የባሰው ጉዳት ግን ሌላ ነው። መደብ ለየቅርንጫፉ ሲከፈት ስሙና ትርጉሙ ቀስ በቀስ ይለያያል። አንዱ ቅርንጫፍ የጥበቃ ክፍያን በደመወዝ ይመዘግባል፤ ሌላው «የጥበቃ አገልግሎት» የሚል መደብ ያስከፍታል፤ ሦስተኛው «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ ይጨምረዋል። ሦስቱን ቅርንጫፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ያን ጊዜ ከንቱ ድካም ይሆናል፤ ቁጥሮቹ አንድ ዓይነት ነገር አይለኩምና።

ታዲያ ቅርንጫፉ የት ይቀመጥ?

መልሱ መደቡንና ቅርንጫፉን መለየት ነው። መደቡ «ምን» የሚለውን ብቻ ይመልሳል፤ «የት» የሚለውን የሚመልስ ሌላ፣ ራሱን የቻለ መለያ ይሰጠዋል። የኪራይ መደብ አንድ ብቻ ይሆናል፦ 6210። ቅርንጫፎቹ 01፣ 02፣ 03 እየተባሉ የራሳቸውን አጭር ዝርዝር ይይዛሉ። የሁለተኛው ቅርንጫፍ ኪራይ ሲመዘገብ ሁለቱ ይጣመራሉ፦

```
6210-02
```

ሠንጠረዥ በዓይነ ኅሊና ቢታይ መደቦቹ ረድፎቹ፣ ቅርንጫፎቹ ዓምዶቹ ናቸው። እያንዳንዱ ምዝገባ የሚያርፈው ረድፍና ዓምድ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ዓምዱን ወደ ታች መደመር የአንዱን ቅርንጫፍ ውጤት ይሰጣል፤ ረድፉን ወደ ጎን መደመር ድርጅቱ በጠቅላላ ለኪራይ ያወጣውን ይሰጣል። ሁለቱም የሚደመሩት ከአንድ ሠንጠረዥ ስለሆነ የቅርንጫፎቹ ድምር ከጠቅላላው ጋር አለመግጠም አይችልም። ያ 700 መደብ የነበረው ድርጅት አሁን የሚያስፈልገው 70 መደብና 10 የቅርንጫፍ መለያ ነው። አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት የሚጨመረው አንድ መለያ ብቻ ነው።

በዛሬዎቹ የሒሳብ ሶፍትዌሮች ውስጥ ይህ ሁለተኛ መለያ «ሴግመንት»፣ «ዳይሜንሽን» ወይም «ኮስት ሴንተር» በሚሉ የተለያዩ ስሞች ይገኛል። ሶፍትዌሩ ይህን የማይፈቅድ አሮጌ ዓይነት ከሆነ እንኳ ተስፋ አይቆረጥም፤ በመደቡ ቁጥር መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ሁለት አኃዝ ለቅርንጫፉ ብቻ ተለይቶ ይያዛል። 621002 ማለት ኪራይ፣ ቅርንጫፍ 02 ይሆናል። መደቦቹ መብዛታቸው ባይቀርም ሥርዓቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሪፖርቱ በመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ተጣርቶ ሊወጣ ይችላል።

ሁለት ነገሮችን እዚህ ላይ አጥብቄ እመክራለሁ። አንደኛው፣ የቅርንጫፉ መለያ ውስጥ ሌላ ትርጉም አይጨመር። «የመጀመሪያው አኃዝ ክልሉን፣ ሁለተኛው የቅርንጫፉን ደረጃ ያሳይ» የሚል ሐሳብ ሲነገር ደስ ይላል፤ ድርጅቱ አካባቢዎቹን እንደገና ባደራጀ ቀን ግን መለያው ሁሉ ሐሰት ይሆናል። የአካባቢ ክፍፍል በሪፖርቱ ላይ በሚሠራ ምደባ ይገለጽ፤ ያኔ 02ን ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው ማዛወር የአንድ መስመር ለውጥ ነው። ሁለተኛው፣ ስለሚቻል ብቻ ሦስተኛና አራተኛ መለያ አይጨመር። እያንዳንዱ ተጨማሪ መለያ በእያንዳንዱ የቫውቸር መስመር ላይ አንድ ሰው አስቦ የሚሞላው ነገር ነው። ማንም የማይጠይቀው ሪፖርት መለያ ከተበጀለት መዝጋቢው በግምት መሙላት ይጀምራል፤ በግምት የተሞላ መለያ ደግሞ ባዶ ከሆነው የከፋ ነው፤ ትክክል ይመስላልና።

አሁንም ለየቅርንጫፉ ተለይተው መከፈት ያለባቸው መደቦች የሉም?

አሉ፤ የባንክ ሒሳቦች። እያንዳንዱ የባንክ ሒሳብ በየወሩ ከባንኩ መግለጫ ጋር ለብቻው ስለሚመሳከር የራሱ መደብ ሊኖረው ይገባል። ይህ የሚደረገው ሒሳቡ የተለየ ስለሆነ ነው እንጂ ቅርንጫፉ ስለተለየ አይደለም፤ ስለዚህ የባንኩ መደብም እንደሌላው ሁሉ የቅርንጫፍ መለያውን ይይዛል። በየቅርንጫፉ ካዝና ያለው ጥሬ ገንዘብ ግን አንድ መደብ ሆኖ በመለያው ብቻ ቢለይ ይበቃዋል።

ዋና መሥሪያ ቤቱስ?

ዋና መሥሪያ ቤቱም የራሱ መለያ ይሰጠው፤ ለምሳሌ 00። ይህ ትንሽ የሚመስል ውሳኔ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ንድፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዶች የዋና መሥሪያ ቤቱን ወጪ ያለ መለያ ይተዉታል። ያን ጊዜ መለያ የሌለው መስመር ሁለት ትርጉም ይኖረዋል፦ «የዋና መሥሪያ ቤቱ ነው» ወይም «መዝጋቢው ረስቶታል»። ሁለቱን የሚለይ ነገር ስለሌለ የተረሳው ሁሉ ዋና መሥሪያ ቤቱ ላይ ይቆለላል።

ስለዚህ ደንቡ ቁርጥ ያለ ይሁን፤ መለያ የሌለው መስመር ሶፍትዌሩ አይቀበል። ሶፍትዌሩ ራሱ 00ን አስቀድሞ የሚሞላ ከሆነም ያ ቅንብር ይጥፋ፤ አለዚያ የተረሳው መስመር ሁሉ ተሞልቶ የተገኘ ይመስላል። ይህ መከሰቱን ለማወቅ ቀላል ፍተሻ አለ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ራሱ የማይሸጥ ከሆነ በ00 ሥር የሽያጭ ገቢ መታየት የለበትም። ከታየ፣ የተሳሳተ መስመር አለ ማለት ነው።

አንዱ ለሌላው ሲከፍል ምን ይሆናል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። በዋና መሥሪያ ቤትና በሦስት ቅርንጫፎች የሚሠራ አንድ ነጋዴ ድርጅት እናስብ። ዋና መሥሪያ ቤቱ የ02ን የወር ኪራይ 90,000 ከራሱ ባንክ ከፈለ። ምዝገባው ይህን ይመስላል፦

```
ዴቢት   6210-02  ኪራይ   90,000
ክሬዲት  1120-00  ባንክ    90,000
```

ለድርጅቱ በጠቅላላ ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ነው፤ ሶፍትዌሩም ይቀበለዋል። በቅርንጫፍ ዓይን ሲታይ ግን 02 ዴቢት ብቻ፣ 00 ክሬዲት ብቻ ይዘው ቀርተዋል። የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ይወጣል፤ የ02 የሀብትና ዕዳ መግለጫ ግን ሚዛኑ አይገጥምም። ቅርንጫፉ በእጁ ያለውን ዕቃ፣ ከደንበኞች የሚሰበስበውን ገንዘብና ለዋና መሥሪያ ቤቱ ያለበትን ለይቶ ማየት የሚፈልግ ሰው መንገዱ ይዘጋበታል።

መፍትሔው የቅርንጫፎች መተላለፊያ ሒሳብ የሚባል አንድ መደብ መክፈት ነው፤ 1900 እንበለው። ከላይ ባለው ምዝገባ ላይ ሁለት መስመር ይጨመራል፦

```
ዴቢት   1900-00  መተላለፊያ   90,000
ክሬዲት  1900-02  መተላለፊያ   90,000
```

አሁን 00 ከ02 የሚፈልገው 90,000 አለው፤ 02 ደግሞ ለ00 የሚከፍለው 90,000 አለበት። የሁለቱም መዝገብ ለየራሱ ሚዛኑን ጠብቋል። ድርጅቱ በጠቅላላ ሲታይ 1900 ዜሮ ነው፤ አንድ ድርጅት ከራሱ ሊበደር አይችልምና ለውጭ ሰው በሚቀርበው መግለጫ ላይ ይህ ሒሳብ አይታይም። ብዙ ሶፍትዌሮች እነዚህን ሁለት መስመሮች በራሳቸው ይጨምራሉ፤ የትኛውን መደብ እንዲጠቀሙ አስቀድሞ መንገር ብቻ ያስፈልጋል።

በዚያው ወር የ02 ዱቤ ደንበኛ ለመንገዱ ስለሚቀርበው 60,000 ዕዳውን በ01 ካዝና ከፈለ እንበል። ጥሬ ገንዘቡ የገባው 01 ዘንድ ነው፤ የሚቀነሰው ተሰብሳቢ ሒሳብ ግን የ02 ነው። በ1900 በኩል 01 ለ02 የ60,000 ባለዕዳ ይሆናል። ይህ ሳይደረግ ገንዘቡ የ01 ሽያጭ ተደርጎ ቢመዘገብ ሁለት ስሕተት በአንድ ጊዜ ይፈጠራል፤ 01 ያልሸጠውን እንደሸጠ ይቆጠራል፤ 02 ደግሞ የከፈለውን ደንበኛ ዕዳህን ክፈል እያለ ያስቸግራል።

ዕቃ በመንገድ ላይ እያለ ወሩ ቢያልቅስ?

መተላለፊያ ሒሳቡን ከሁሉ በላይ የሚያናውጠው የዕቃ ዝውውር ነው። 01 በወሩ 29ኛ ቀን የግዢ ዋጋው 240,000 የሆነ ዕቃ ወደ 03 ላከ። ዕቃው 03 የደረሰው በቀጣዩ ወር 2ኛ ቀን ነው። 01 በላከ ቀን «ሰጥቻለሁ» ብሎ ቢመዘግብና 03 በተቀበለ ቀን «ተቀብያለሁ» ብሎ ቢመዘግብ፣ ወሩ ሲዘጋ 1900 ላይ ያልተመጣጠነ 240,000 ይቀራል። ዕቃውም በማንም ክምችት ውስጥ አይታይም፤ መኪና ላይ ያለው ንብረት ከመዝገብ ውጪ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ለማስቀረት «በጉዞ ላይ ያለ ዕቃ» የሚል መደብ፣ 1350፣ ይከፈታል። ላኪው በላከበት ቀን ምዝገባው በሁለቱም ወገን በአንድ ቫውቸር ይጠናቀቃል፦

```
ዴቢት   1350-03  በጉዞ ላይ ያለ ዕቃ   240,000
ክሬዲት  1310-01  የዕቃ ክምችት       240,000
ዴቢት   1900-01  መተላለፊያ         240,000
ክሬዲት  1900-03  መተላለፊያ         240,000
```

03 ዕቃውን ቆጥሮ ሲረከብ የሚሠራው 1350ን ቀንሶ 1310ን መጨመር ብቻ ነው፤ 1900ን ጨርሶ አይነካም። የተረከበው 235,000 የሚያወጣ ብቻ ከሆነ 5,000 በ1350 ላይ ይቀራል። በጉዞ ላይ መሆን የሌለበት ቁጥር በዚያ መደብ ውስጥ ሲቀር ዕቃ ጎድሏል ወይም የተሳሳተ ቆጠራ አለ ማለት ነው፤ የትኛው መጓጓዣ ላይ እንደሆነም ቫውቸሩ ይናገራል። ጉድለቱ በመተላለፊያ ሒሳቡ ውስጥ ተደብቆ ቢሆን ኖሮ ከሌላው ሁሉ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋ ነበር።

የሦስቱን ክንውኖች ውጤት በ1900 ላይ እንደምረው። 00 ዴቢት 90,000 አለው። 01 ከዕቃው ዴቢት 240,000፣ ከደንበኛው ክፍያ ክሬዲት 60,000 ስላለው የተጣራው ዴቢት 180,000 ነው። 02 ከኪራዩ ክሬዲት 90,000፣ ከደንበኛው ዴቢት 60,000፣ የተጣራው ክሬዲት 30,000 ነው። 03 ክሬዲት 240,000 አለው። ዴቢቶቹ 270,000፣ ክሬዲቶቹም 270,000፤ ድምሩ ዜሮ ሆነ። ወር ከመዘጋቱ በፊት ይህን አንድ ድምር መመልከት ከብዙ ፍተሻ ይበልጣል። ዜሮ ካልሆነ አንድ ሰው ወደ 1900 በቀጥታ፣ ያለ ተጓዳኙ መዝግቧል ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ መደብ ላይ በእጅ መመዝገብ የሚችለው ሰው ውስን ይሁን።

ዜሮ መሆኑ ግን ሁሉ ነገር ትክክል ነው ማለት አይደለም። የ03 ዕቃ በስሕተት በ02 መለያ ቢመዘገብ ድምሩ አሁንም ዜሮ ነው። ለዚህ ነው በየወሩ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የ1900 መግለጫውን ተቀብሎ «አዎ፣ የእኔ ነው» ብሎ ማረጋገጥ ያለበት። ቅርንጫፎቹ ሲበዙ ማን ለማን ዕዳ እንዳለበት መከታተልም ይከብዳል፤ አሥር ቅርንጫፎች እርስ በርስ 45 ጥንድ ይፈጥራሉ። ዝውውሩን ሁሉ በመዝገብ ደረጃ በ00 በኩል እንዲያልፍ ማድረግ ጥንዶቹን ወደ 10 ያወርዳቸዋል፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሚተሳሰበው ከዋና መሥሪያ ቤቱ ጋር ብቻ ይሆናል።

ዕቃው በግዢ ዋጋው ሳይሆን ትርፍ ተጨምሮበት ቢተላለፍስ? አንዳንድ ድርጅቶች ላኪው ቅርንጫፍም እንዲጠቀም ብለው ይህን ያደርጋሉ። 240,000 የነበረው በ276,000 ቢተላለፍ 36,000 የውስጥ ትርፍ ይፈጠራል። ዕቃው ገና ካልተሸጠ ይህ ትርፍ ለድርጅቱ ትርፍ አይደለም፤ አንዱ እጁ ለሌላው እጁ ሸጠ እንጂ ከውጭ ገንዘብ አላገኘም። ዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 2 ክምችት ከተገዛበት ወይም ከተመረተበት ወጪ በላይ እንዳይመዘገብ ስለሚያዝ በወሩ መጨረሻ ባልተሸጠው ዕቃ ውስጥ ያለው ትርፍ ከድርጅቱ መግለጫ መውጣት አለበት፤ ሲሶው ተሸጦ ከሆነ 24,000 ይቀነሳል ማለት ነው። ይህን የሚመርጥ ድርጅት የውስጥ ሽያጭን ከውጭ ሽያጭ የሚለይ መደብ፣ ለምሳሌ 4900፣ የግድ ያስፈልገዋል። እኔ ጠንካራ ምክንያት ከሌለ ዝውውሩ በግዢ ዋጋ ቢሆን እመርጣለሁ፤ በየወሩ የሚቀንሰው ድካም ቀላል አይደለም።

የዋና መሥሪያ ቤቱን ወጪ ማን ይሸከመው?

የቅርንጫፍ ሪፖርት ሰውን ከሰው የሚያጣላው እዚህ ላይ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ በወር 600,000 ያወጣል እንበል። ሦስቱ ቅርንጫፎች በድምር 5,000,000 ሸጠዋል፤ ከዚህ ውስጥ 02 የሸጠው 1,500,000 ወይም 30 በመቶ ነው። ወጪው በሽያጭ መጠን ቢከፋፈል የ02 ድርሻ 180,000 ይሆናል።

የ02 መግለጫ እንዲህ ይነበባል፦

```
ሽያጭ                        1,500,000
የተሸጡ ዕቃዎች ዋጋ             1,050,000
ጥቅል ትርፍ                     450,000
የቅርንጫፉ የራሱ ወጪ            310,000
የቅርንጫፉ አስተዋጽኦ            140,000
ከዋና መሥሪያ ቤት የተደለደለ     180,000
ውጤት                         -40,000
```

የመጨረሻውን መስመር ብቻ ያየ ሰው «02 በየወሩ 40,000 ይከስራል፤ ይዘጋ» ይላል። ይዘጋ እንበልና እናስላው። የ01 አስተዋጽኦ 400,000፣ የ03 ደግሞ 260,000 ቢሆን ከ02 140,000 ጋር 800,000 ይሆናል፤ 600,000 ሲቀነስ ድርጅቱ 200,000 ያተርፋል። 02 ሲዘጋ አስተዋጽኦው ወደ 660,000 ይወርዳል። የዋና መሥሪያ ቤቱ ኪራይና የአስተዳደሩ ደመወዝ ግን 02 ስለተዘጋ አይቀንስም። 600,000ው እንዳለ ነው፤ ትርፉ 60,000 ብቻ ይሆናል። «የሚከስረውን» ቅርንጫፍ በመዝጋት ድርጅቱ በወር 140,000 አጣ። የተዘጋው ቅርንጫፍ ኪራይ እስከ ውሉ ማብቂያ የሚከፈል ከሆነ ደግሞ የሚታጣው ከዚህም ይበልጣል።

መደቦቹ እነዚህን ሁለት መስመሮች፣ የቅርንጫፉን አስተዋጽኦና ከድልድል በኋላ ያለውን ውጤት፣ ለይተው ማሳየት መቻል አለባቸው። የሚቻለውም ድልድሉ የራሱ መደብ ሲኖረው ብቻ ነው፤ 6950 እንበለው። በወሩ መጨረሻ 6950-00 በ600,000 ክሬዲት ይደረጋል፤ ቅርንጫፎቹ በየድርሻቸው በዚሁ መደብ ዴቢት ይደረጋሉ፤ 1900ም እንደተለመደው ተጓዳኙን ይይዛል። ረድፉ ወደ ጎን ሲደመር ዜሮ ስለሚሆን የድርጅቱ ጠቅላላ ወጪ አይነካም።

ብዙ ቦታ የሚሠራው ስሕተት ድልድሉን በደመወዝና በኪራይ መደቦች ላይ በቀጥታ መመዝገብ ነው። ያን ጊዜ የ02 የደመወዝ መደብ የራሱን 170,000 እና ከላይ የወረደለትን አቀላቅሎ ይይዛል። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ደመወዝ ለምን ጨመረ ተብሎ ሲጠየቅ እርሱ ያልቀጠረው ሰው ደመወዝ ይጠየቃል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የደመወዝ መደቡ በክሬዲት ስለሚጠፋ ምንም ወጪ የሌለው ይመስላል። የድልድሉ መመዘኛ ሽያጭ ይሁን፣ የሠራተኛ ቁጥር ወይም የቦታ ስፋት፣ ሰዎች ሊከራከሩበት ይችላሉ። 6950 ለብቻው ከቆመ ክርክሩ ሌሎቹን ቁጥሮች አይነካም፤ መመዘኛውን መለወጥም የአንድ መደብ ሥራ ነው።

ሀብትና ዕዳውስ ሁሉ ለቅርንጫፍ ይከፋፈል?

አይደለም። ዕቃ፣ ካዝና፣ ተሰብሳቢ ሒሳብና ቅርንጫፉ የሚገለገልባቸው ቋሚ ንብረቶች በቅርንጫፉ መለያ ይያዙ፤ የንብረቱ የእርጅና ቅናሽም ንብረቱን ይከተል። የባንክ ብድር፣ የገቢ ግብርና ካፒታል ግን የድርጅቱ ናቸው፤ በ00 ይቆዩ። ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሊቆጣጠረው የማይችለውን ብድር መከፋፈል መግለጫውን ያደበዝዛል እንጂ ምንም አይጨምርለትም።

ነባር መደቦች ያሉት ድርጅት እንዴት ይሸጋገር?

ጥሩው ጊዜ የበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ነባር መደብ ወደየትኛው አዲስ መደብና መለያ እንደሚሄድ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይዘጋጃል። «ኪራይ፣ ቅርንጫፍ ሁለት» ወደ 6210-02 መሄዱ ቀላል ነው። አስቸጋሪዎቹ አንዱ ነባር መደብ ለብዙ የሚከፈልባቸው ናቸው፤ ሁሉም ቅርንጫፎች የተቀላቀሉበት ተሰብሳቢ ሒሳብ ለምሳሌ። እዚያ የግድ እያንዳንዱን ደንበኛ መለየት ያስፈልጋል፤ አቋራጭ የለውም፤ ጊዜውም ቀደም ብሎ መመደብ አለበት።

አዲሱ ዝርዝር ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ያለፈ አንድ ወር ሙሉ ቫውቸር በሙከራ ይመዝገብበት። ከዚያ ሦስት ነገር ይታይ፦ የሁሉም ቅርንጫፎች ውጤት ድምር በወቅቱ ከተዘጋው ጠቅላላ ትርፍ ጋር ይገጥማል? 1900 እና 6950 ዜሮ ናቸው? መዝጋቢዎቹ ቆም ብለው «ይህ የት ይግባ?» ያሉባቸው ቫውቸሮች ስንት ናቸው? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ እመለከተዋለሁ። ሁለት መዝጋቢዎች አንዱን ቫውቸር በተለያየ መደብ ካስገቡት የመደቡ መግለጫ ግልጽ አይደለም ማለት ነው። በዝርዝሩ ላይ ከእያንዳንዱ መደብ ጎን «ይህን ይጨምራል፣ ያንን አይጨምርም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ የጥበቃ ክፍያን በሦስት ቦታ ከመፈለግ የሚያድነው ያ ነው። አዲስ መደብ የመክፈት ሥልጣንም በአንድ ሰው እጅ ይሁን፤ ቅርንጫፎች ይጠይቁ እንጂ ራሳቸው አይክፈቱ።

ቅርንጫፍ ሲዘጋ መለያው ምን ይሆናል?

ቀሪ ንብረቱ፣ ተሰብሳቢውና ዕዳው በ1900 በኩል ወደ ተረካቢው ቅርንጫፍ ወይም ወደ 00 ይዛወራል። በመለያው ሥር ያሉት የሀብትና የዕዳ መደቦች ሁሉ ዜሮ መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ የ1900 ቀሪው በዋና መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል፤ መለያውም አዲስ ምዝገባ እንዳይቀበል ይቆለፋል። አይሰረዝም፤ ያለፉት ዓመታት መግለጫዎች የተሠሩበት ነውና። ቁጥሩም ኋላ ለሚከፈት ሌላ ቅርንጫፍ አይሰጥ። ከተሰጠ፣ የዚህን ዓመት ሽያጭ ካለፈው ዓመት ጋር የሚያነጻጽረው ሪፖርት ሁለት የተለያዩ ቅርንጫፎችን በአንድ ዓምድ አሰልፎ ያቀርባል፤ በቁጥሩ ላይም ይህን የሚያሳይ ምንም ምልክት አይኖርም።